ሃያ ለአንድ፦ ደም አሲድነቱን የሚጠብቅበት ሚዛን

የሰው ደም በጥቂቱ ወደ ቤዝነት ያዘነበለ ፈሳሽ ነው። አሲድነት በሚለካበት የፒኤች ሚዛን ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ሲቀመጥ፣ በደም ቅዳዎች ውስጥ የሚዘዋወር ጤናማ ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ክልል ይገኛል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይጨምራል። ፒኤች ከ6.8 ሲወርድ ወይም ከ7.8 ሲያልፍ ሕይወትን ማትረፍ እጅግ ከባድ ይሆናል።

ይህ ክልል ሲያዩት ሰፊ ይመስላል፤ ግን የፒኤች ቁጥር አካሄድ ያታልላል። ፒኤች በ0.3 ብቻ ሲወርድ በደም ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን፣ ማለትም አሲድነትን የሚፈጥረው ቅንጣት፣ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ7.4 ወደ 7.1 የወረደ ደም አሲድነቱ በእጥፍ የጨመረ ደም ነው። የሰውነት ፕሮቲኖች ደግሞ ቅርጻቸውን የሚይዙት በዙሪያቸው ባለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን ልክ ነው። መጠኑ ሲዛባ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ያጓትታሉ፣ የልብ ጡንቻ የመኮማተር ኃይሉ ይቀንሳል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ የደም ግፊትን ለማንሳት የሚሰጥ መድኃኒትም እንደ ወትሮው አይሠራም።

ሰውነት ግን በየዕለቱ አሲድ ማምረቱን አያቆምም። ምግብ በሕዋሳት ውስጥ ተቃጥሎ ጉልበት ሲሰጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በአንድ አዋቂ ሰው ይህ በቀን 15,000 ሚሊሞል ገደማ ይደርሳል፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝም አሲድ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከመሳሰሉት ፕሮቲኖች የሚመነጭ፣ በትንፋሽ ሊወጣ የማይችል አሲድ አለ። መጠኑ በቀን 70 ሚሊሞል አካባቢ ነው። ይህ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው የሃይድሮጅን አዮን 40 ናኖሞል፣ ማለትም የአንድ ሚሊሞል 25,000ኛ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ኢምንት የሚመስለው አሲድ የሚይዘው ነገር ባያገኝ ኖሮ የአንድ ቀኑ ምርት ብቻ ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነበር።

በደምና በሕዋሳት ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ከሁሉ በፊት አሲዱን የሚቀበለው ባይካርቦኔት ነው። ሥራው በዚህ መስመር ይገለጻል፦

```
CO2 + H2O ⇌ H2CO3 ⇌ H+ + HCO3-
```

ከግራ ሲነበብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ወደ ሃይድሮጅን አዮንና ወደ ባይካርቦኔት ይከፈላል። ከቀኝ ሲነበብ ደግሞ ባይካርቦኔት የተጨመረበትን ሃይድሮጅን አዮን ይዞ ወደ ካርቦኒክ አሲድ ይመለሳል፤ ካርቦኒክ አሲዱም ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሁለቱም ጉዞዎች ሳያቋርጡ ይካሄዳሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለው ለውጥ በራሱ ዘገምተኛ ቢሆንም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያፋጥነዋል። አንዱ የኢንዛይም ሞለኪውል በሴኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይህን ለውጥ ሊያከናውን ይችላል።

አሜሪካዊው ሎውረንስ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1908 የዚህን ለውጥ ሚዛን በስሌት አስቀመጠ። ከዓመታት በኋላ የኮፐንሃገኑ ሐኪም ካርል ሃሰልባልክ ስሌቱን ከፒኤች ጋር አያይዞ ዛሬ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ በሚታወቅበት መልክ ጻፈው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የደም ፒኤች የሚወሰነው በባይካርቦኔት ብዛት ብቻ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዛት ብቻ ሳይሆን አንዱ ለሌላው ባለው ድርሻ ነው።

```
pH = 6.1 + log (HCO3- / CO2)
```

በጤናማ ሰው አንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 24 ሚሊሞል ባይካርቦኔትና 1.2 ሚሊሞል የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ድርሻው 20 ለ 1 ነው፤ ፒኤቹም 7.4 ይሆናል። ሁለቱም በግማሽ ቢቀንሱ፣ ማለትም 12 እና 0.6 ቢሆኑ፣ ድርሻው ስላልተለወጠ ፒኤቹ ያው 7.4 ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ ይቆማል።

ኬሚስት ይህን ስሌት ሲያይ የሚያስገርመው ነገር አለ። ማንኛውም ባፈር፣ ማለትም አሲድን ወይም ቤዝን ተቀብሎ ፒኤች እንዳይናወጥ የሚያደርግ ጥንድ፣ በደንብ የሚሠራው ሁለቱ አባላቱ እኩል በሚሆኑበት ፒኤች አጠገብ ነው። ለባይካርቦኔት ይህ ቁጥር 6.1 ነው፤ ከደም 7.4 በጣም ይርቃል። በመጽሐፍ ሕግ ከተሄደ ደም የመረጠው ባፈር ደካማ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከኬሚስትሪው ሳይሆን ሰውነት ጋዙን ማስወጣት ከመቻሉ ነው።

ይህን ለማየት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ጠርሙሱ እንደታሸገ ጋዙ ከውሃው ውስጥ አይወጣም፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን እየተንቸረጠጠ ይወጣል፣ ውሃውም የመቆንጠጥ ጣዕሙን ያጣል። አሁን 24 ሚሊሞል ባይካርቦኔትና 1.2 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው አንድ ሊትር ፈሳሽ ላይ 12 ሚሊሞል ጠንካራ አሲድ ይጨመር። ግማሹ ባይካርቦኔት አሲዱን ይይዝና 12 ሚሊሞል አዲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ዕቃው የታሸገ ከሆነ 12 ሚሊሞል ባይካርቦኔት ከ13.2 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አብሮ ይቀራል። ፒኤቹ ወደ 6.06 ይወርዳል፤ በዚህ አሲድነት ማንም አይኖርም። ዕቃው ክፍት ሆኖ የተፈጠረው ጋዝ ከወጣና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 1.2 ከተመለሰ ግን ድርሻው 10 ለ 1 ሆኖ ፒኤቹ 7.1 ላይ ይቆማል። ይህ ከባድ ሕመም ነው፤ ቢሆንም ሰው ሊተርፍበት ይችላል። ሳንባ ከዚህም አልፎ ጋዙን ከወትሮው በታች፣ ወደ 0.78 ሚሊሞል ቢያወርደው ፒኤቹ 7.29 ይሆናል። የጨመረው አሲድ በሦስቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተለየው የትንፋሹ በር ብቻ ነው።

ያን በር የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ነው። በዚያ ያሉ ሕዋሳት የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጨመር በቅጽበት ይለያሉ። በአንገት ግራና ቀኝ በሚያልፉት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ላይ ያሉ ጥቃቅን አካላትም የደሙን አሲድነት እየለኩ ምልክት ይልካሉ። አሲድ ሲበዛ ትንፋሽ በደቂቃዎች ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ ሙሉ መጠኑን ለመያዝ ግን ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ሊወስድበት ይችላል።

ሳንባ ጋዙን ያስወጣል እንጂ አሲዱን ለመያዝ የጠፋውን ባይካርቦኔት መተካት አይችልም። ይህ የኩላሊት ሥራ ነው። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ በዚያ ውስጥ ከ4,000 ሚሊሞል በላይ ባይካርቦኔት አለ። ጤነኛ ኩላሊት ይህን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ደም ይመልሳል። ከዚያም በላይ አሲዱን በአሞኒየምና በፎስፌት መልክ ከሽንት ጋር እያስወጣ፣ ያ የዕለቱ 70 ሚሊሞል ያጠፋውን ያህል አዲስ ባይካርቦኔት ይሠራል። ሥራው አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ዝግ ይላል። አሲድ በድንገት ሲበዛ ኩላሊት የአሞኒየም ምርቱን ወደ ከፍተኛ ደረጃው ለማድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ሰውነት ለአደጋ የሚጋለጠውም በዚህ የጊዜ ክፍተት ውስጥ ነው።

አሲዱ ከሥርዓቱ አቅም በላይ ሲሆን ምን እንደሚመጣ በደንብ የሚያሳየው የስኳር ሕመም ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመርት ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ ወይም ኢንፌክሽን ይዞት የሚወስደው መጠን ሳይበቃው ሲቀር፣ በደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶ እያለ ሕዋሳቱ ይራባሉ። ሰውነት ስብ ማቅለጥ ይጀምራል፤ ጉበትም ስቡን ወደ ኪቶን አሲዶች ይለውጣል። ሁለቱ ዋነኞች አሴቶአሴቲክ አሲድና ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሪክ አሲድ ናቸው። በጤናማ ሰው ኢንሱሊን ይህን ምርት ይገታዋል። ኢንሱሊን በሌለበት ግን ልጓም የለውም፤ በቀን 70 ሚሊሞል ለመሸኘት የተዘጋጀው ሥርዓት በብዙ መቶ የሚቆጠር ሚሊሞል ይጎርፍበታል።

ለምሳሌ ኢንሱሊን ካቋረጠ ሁለትና ሦስት ቀን የሆነው ወጣት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ ባይካርቦኔቱ 24 መሆኑ ቀርቶ 6 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደ ወትሮው 1.2 ላይ ቢቆይ ኖሮ ድርሻው 5 ለ 1፣ ፒኤቹ 6.8 ይሆን ነበር። ወጣቱ በሕይወት የደረሰው ሳንባው ጋዙን ወደ 0.51 ስላወረደለት ነው። በዚህ ድርሻው ወደ 12 ለ 1 ይጠጋል፤ ፒኤቹም 7.17 ነው። ይህን ለማግኘት የሚከፍለው ዋጋ ከሩቅ ይታያል፦ አፉን ከፍቶ፣ ደረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ሳያቋርጥ ረጅምና ጥልቅ ትንፋሽ ይተነፍሳል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል ይህን አተነፋፈስ እ.ኤ.አ. በ1874 በስኳር ሕሙማን ላይ አይቶ ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የአየር መንገዱ ያልተዘጋ፣ ሳንባው ያልታመመ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚተነፍስ ማየቱ ኩስማውልን አስደንቆት ነበር።

ቤተሰብ ይህን አተነፋፈስ የሳንባ ምች ወይም አስም ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሚለዩት ሌሎቹ ምልክቶች ናቸው፦ ለቀናት የቆየ የውሃ ጥምና የሽንት ብዛት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ትንፋሽ። ሽታው የሚመጣው ከአሴቶአሴቲክ አሲድ ከሚወጣው አሴቶን ነው። የደም ጋዝ መለኪያ በሌለበት ጤና ተቋም እንኳ ከጣት ጫፍ የሚወሰድ የስኳር ምርመራና ኪቶንን የሚያሳይ የሽንት ወረቀት ከዚህ አተነፋፈስ ጋር ሲደመሩ ሕክምና ለመጀመር ይበቃሉ።

ትንፋሹ እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው። የደረት ጡንቻ እንደማንኛውም ጡንቻ ይደክማል። ከላይ የተጠቀሰው ወጣት ደክሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ0.51 ወደ 0.9 ቢወጣ፣ ይህ ገና ከጤነኛ ሰው በታች ሆኖ ሳለ፣ ፒኤቹ ወደ 6.92 ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለ ሰው ትንፋሹ በድንገት ረጋ ሲል፣ ንቃቱም አብሮ ከቀነሰ፣ ተሻለው ማለት አይደለም። በዚያው ምክንያት ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር ለማገናኘት ሲገደዱ ትልቅ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። መሣሪያው ለጤነኛ ሰው በሚበቃ መጠን ብቻ ቢያስተነፍሰው በሩን በከፊል እንደመዝጋት ይቆጠራል።

ባይካርቦኔት ካለቀ ባይካርቦኔት በደም ሥር መስጠት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። በተግባር ግን አሲድነቱ እጅግ የከፋ ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። የተሰጠው ባይካርቦኔት አሲዱን ሲይዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ያንንም የሚያስወጣው ያው የደከመ ሳንባ ነው። ከሁሉ በላይ የአሲዱ ምንጭ አልተነካም። ምንጩን የሚዘጋው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲገባ ጉበት ኪቶን ማምረቱን ያቆማል፤ በደም ውስጥ የቀረው ኪቶንም እየተቃጠለ የዋጠውን ባይካርቦኔት መልሶ ይሰጣል። ከኢንሱሊን በፊትና ከእሱ ጋር በስኳሩ ምክንያት በሽንት የወጣው ፈሳሽ በደም ሥር ይተካል። ፖታሲየም ደግሞ በየሰዓቱ ዓይን አይነሳበትም፦ ኢንሱሊን ማጣቱና የውሃው እጥረት ከሕዋሳት ስላስወጡት በደም ውስጥ በቂ መስሎ ይታያል፤ ሕክምናው ሲጀመር ወደ ሕዋሳት ተመልሶ ይገባና በድንገት ያንሳል፣ የልብ ምትንም ሊያናጋ ይችላል።

እስካሁን የታየው ባይካርቦኔቱ ሲያልቅ ነው። ሥርዓቱ ከሌላኛው ጫፍም ይሸነፋል፤ አሲዱ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን። እዚህ ላይ ባይካርቦኔት ምንም ሊረዳ አይችልም። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የተወለደውን ሃይድሮጅን አዮን ባይካርቦኔት ቢይዘው መልሶ የሚሆነው ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚህ ጊዜ አሲዱን የሚይዙት በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንና ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። እነሱ ሃይድሮጅኑን ሲወስዱ አብሮት የተወለደው ባይካርቦኔት በደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው በአሲድ እየታፈነ ባይካርቦኔቱ ይጨምራል። ይህ ነገር በአንድ ከተማ ብዙ ሕይወት ያስከፈለ ስሕተት ምክንያት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1952 የበጋ ወራት የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ በኮፐንሃገን ተዛመተ። ሕሙማኑን የሚቀበለው የብሌግዳም ሆስፒታል ነበር። በሽታው የመተንፈሻና የመዋጫ ጡንቻዎችን ለሚያሽመደምድባቸው ሰዎች ሆስፒታሉ የነበረው አንድ የብረት ሳንባና በደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። በደማቸው ላይ የሚደረገው ምርመራ ጠቅላላውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ባይካርቦኔቱንና የሟሟውን ጋዝ በአንድ ላይ የሚለካ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሞቹ ደሙ ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ ወደ ቤዝነት ተለውጧል ብለው ተረጎሙት።

የአንድ ምሳሌ ቁጥር ይህ ትርጉም ምን ያህል አሳሳች እንደነበር ያሳያል። መተንፈስ ያቃተው ሰው የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 3፣ ባይካርቦኔቱ 30 ሚሊሞል ቢሆን ጠቅላላው 33 ነው፤ የጤነኛው 25 ገደማ ነው። ጠቅላላውን ብቻ የሚያይ ሰው ቤዝ በዝቷል ይላል። ድርሻው ግን 10 ለ 1፣ ፒኤቹም 7.1 ነው፤ ደሙ ከጤነኛው በእጥፍ አሲድ ሆኗል። ሃሰልባልክ ስሌቱን የጻፈው በዚያችው ከተማ ነበር፤ በሕሙማኑ አልጋ አጠገብ ግን ፒኤች የሚለካ አልነበረም።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ሄንሪ ላሰን ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ በኦገስት 25፣ ሰመመን ሰጪውን ሐኪም ብዮርን ኢብሰንን ለምክክር ጠራው። ኢብሰን ሥራው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሰዎችን በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት ማስተንፈስ ስለነበር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ምን እንደሚመስል ያውቃል፦ ላብ፣ የደም ግፊት መጨመር፣ ድንዛዜ። ተጨማሪ ኦክስጅን ከንፈርን ከመጥቆር ሊያድን እንደሚችል፣ ጋዙን ግን እንደማያስወጣም ያውቃል። ቤዝ የተባለው አሲድ ነው፣ ሰዎቹም የሚሞቱት በቂ ስለማይተነፍሱ ነው አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ በሞት አፋፍ ላይ በነበረች የ12 ዓመት ልጅ ላይ ሐሳቡ ተፈተነ። ጉሮሮዋ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ ገባ። ልጅቷ ስለተንፈራገጠች ኢብሰን ማደንዘዣ ሰጣት፤ ከዚያም በከረጢቱ እየጨመቀ ያስተነፍሳት ጀመር። የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወረደ፣ ልጅቷም ተረፈች። ሆስፒታሉ ይህን ለሁሉም ሕሙማን ለማድረግ መሣሪያ ስላልነበረው የሕክምና ተማሪዎችን ጠራ። ከሺህ በላይ ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ሌትና ቀን ከረጢት ጨመቁ፤ ይህም ለወራት ቀጠለ። ከአሥር ሕሙማን ወደ ዘጠኝ ይጠጋ የነበረው የሟቾች ቁጥር በፍጥነት ከግማሽ በታች ወረደ።

የሆስፒታሉን ላቦራቶሪ የሚመራው ፖል አስትሩፕ የሕሙማኑን ደም ፒኤች በቀጥታ ሲለካ የኢብሰን ግምት ትክክል ሆኖ ተገኘ። አስትሩፕ በኋላ ፒኤችን መነሻ አድርጎ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን ከጥቂት ደም የሚያሰላ ዘዴ አዘጋጀ። ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚገኘው የደም ጋዝ መለኪያ ፒኤችንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለየብቻ ይለካል፤ ባይካርቦኔቱን ከሁለቱ በስሌት ያገኘዋል። የሚያነበው ሐኪም መጀመሪያ ፒኤቹን ያያል፤ ቀጥሎ ሚዛኑን ያዛባው ጋዙ ይሁን ባይካርቦኔቱ ይለያል፤ በመጨረሻም ሌላኛው ወገን ጉድለቱን ለማካካስ የሚጠበቅበትን ያህል መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ይመረምራል። ባይካርቦኔቱ 6 የሆነ የስኳር ሕመምተኛ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 0.5 አካባቢ ካልሆነና ወደ 1 ከተጠጋ፣ ከኪቶኑ በተጨማሪ ሳንባው ወይም የደረቱ ጡንቻ እየከዳው ነው ማለት ነው።